ላሟን እምቢ፣ ቡናውን እሺ

አምና ጥቅምት መጨረሻ ላይ የአክስቴ ልጅ ከነጌሌ ቦረና ደወለልኝና «ሲሙን አውጥቼ ልጥለው መሰለኝ» አለኝ። ከሰው ተጣልቶ የሚሸሽ መስሎኝ ደነገጥኩ። ነገሩ ግን ሌላ ነበር። አንድ ሰው አራት ሚሊዮን ብር ሊሰጠው ይፈልጋል። እሱ ደግሞ «አልወስድም» ለማለት አፉ አልታዘዝ ብሎታል።

«ሰውየው ክፉ ነው?» አልኩት።

«ክፉ ቢሆንማ መች ይቸግረኝ ነበር። ጥሩ ሰው ነው። ችግሩ እሱ ነው።»

ወዳጆች፣ ስለ ገንዘብ አለማግኘት ብዙ ተጽፏል። የመጣን ገንዘብ መመለስ፣ ያውም ነገ ተነገ ወዲያ ሊያስፈልግህ ከሚችል ሰው የመጣን ገንዘብ፣ እንዴት እንደሚመለስ ግን የሚነግረን የለም። እኔም ጋዜጠኛ እንጂ ነጋዴ አይደለሁም። ቋሚ ቀጣሪ የሌለኝ፣ በጽሑፍ ብዛት የምከፈል ሰው ነኝ። ይሁንና ወረቀት ማንበብ ሥራዬ ስለሆነ ውሉን እንዳይለት ለመነኝ። ለሌላ ዘገባ ወደዚያው ልወርድ ስለነበር ሁለቱን ጉዳይ አንድ ላይ አደረግኩት። ከአዲስ አበባ ነጌሌ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገድ ላይ ለማሰብ ጊዜ አይጠፋም።

መጀመሪያ ሥራውን ላስረዳችሁ፤ ያለዚያ ውሉ አይገባችሁም።

የአክስቴ ልጅ ዕጣን ነጋዴ ነው። መርካቶ ገብታችሁ «የቦረና ዕጣን» ስትሉ የሚወጣላችሁ ዓይነት እሱ ከሚሰበስብበት ቆላ የሚመጣ ነው። በሰሜን፣ በመተማ በኩል፣ ዛፉን በመሣሪያ ይፍቁትና ያደሙታል። በሊበን ቆላ ግን አብዛኛው ዕጣን ከዛፉ በራሱ ጊዜ የሚፈስ ነው። ከብትና ግመል የሚጠብቁ ሰዎች፣ ሴቶችና ልጆች፣ እግረ መንገዳቸውን ይለቅሙታል። ስለዚህ ዕጣኑ በኩንታል አይመጣም። በፌስታል፣ በቆርቆሮ፣ በጨርቅ ተቋጥሮ፣ ሁለት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ እየሆነ ነው የሚመጣው። ያመጣችው ሴት ገንዘቧን እዚያው ትፈልጋለች፤ ስኳርና ዱቄት ገዝታ ልትመለስ ነውና። «በሚቀጥለው ገበያ እከፍልሻለሁ» ያለ ነጋዴ በሚቀጥለው ገበያ ሚዛኑ ባዶውን ይውላል።

ዋናው ለቀማ ደግሞ የአገሬው ሰው ቦና በሚለው የደረቅ ወራት ነው፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት። የገና ዝናብ ሲገባ ለቀማው ይቀዘቅዛል። (ገና ስል በዓሉን አይደለም፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለውን የቦረና ዝናብ ነው።) እንግዲህ የዓመቱ ሥራ በሦስት ወር ውስጥ በእጅህ ባለው ጥሬ ገንዘብ ልክ ይወሰናል። ዕጣኑ ተሰብስቦ መጋዘን ሲገባ ሴቶች ቅርፊትና አሸዋውን ይለያሉ፣ በመጠንና በቀለም ይመርጣሉ፤ ከዚያ በአይሱዙ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል።

ባለሀብቱ፣ የአክስቴ ልጅ «ጋሼ» እያለ የሚጠራው ሰው፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ ዕጣን ወደ ውጭ የሚልክ ነው። ለሦስት ዓመት ከአክስቴ ልጅ ሲገዛ ቆይቷል። ይከፍላል፣ አያጭበረብርም፣ ስልክ ያነሣል። ይህ ሰው ነው «ካፒታልህን እጥፍ ላድርግልህ» ብሎ አምስት ገጽ ወረቀት የላከው።

ወረቀቱን መጋዘኑ ውስጥ በጆንያ ላይ ተቀምጠን አነበብነው። ዕጣን በተከመረበት ክፍል ውስጥ ውል ማንበብ ልዩ ነገር ነው፤ ራስ ያዞራል። ፍሬ ነገሩ አራት ነበር። ባለሀብቱ 4 ሚሊዮን ብር ያስገባል፤ የድርጅቱን 51 ከመቶ ይይዛል። ገንዘቡ በሦስት ጊዜ ይለቀቃል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው እሱ ሥራውን አይቶ ሲስማማ ነው። ድርጅቱ ምርቱን በሙሉ ለባለሀብቱ የላኪ ድርጅት ብቻ ይሸጣል። ዋጋውን በየወቅቱ የላኪው ድርጅት ያሳውቃል።

የአክስቴ ልጅ ያስጨነቀው 51 ከመቶው ነበር። «ቤቴን ሊወስድብኝ ነው» ይላል። እኔ ግን ብዕር አውጥቼ ማስላት ጀመርኩ። የሒሳብ ሰው አይደለሁም፤ ይሄኛው ግን የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው።

አንድ ኪሎ ንጹሕ ዕጣን፣ የግዢው፣ የለቀማው፣ የማጓጓዣው ተደምሮ፣ አዲስ አበባ እስኪደርስ 180 ብር ይፈጅበታል። በ230 ይሸጠዋል። ትርፉ 50 ብር ነው። በራሱ ገንዘብ በአንድ ወቅት 40 ሺህ ኪሎ ያንቀሳቅሳል፤ ገንዘቡ በወቅቱ ሁለት ጊዜ ስለሚዞር ከአራት ሚሊዮን ያነሰ ይበቃዋል። ስለዚህ ዛሬ ብቻውን የሚያገኘው 2 ሚሊዮን ብር ነው።

የባለሀብቱ ገንዘብ ሲጨመር 80 ሺህ ኪሎ ያንቀሳቅሳል እንበል። ትርፉ በኪሎ 50 ብር ሆኖ ከቀጠለ 4 ሚሊዮን ይሆናል። የሱ 49 ከመቶ 1 ሚሊዮን 960 ሺህ ብር ነው። ዛሬ ብቻውን ከሚያገኘው ጋር ያው ነው ማለት ይቻላል። እጥፍ ሥራ ለዚያው ገንዘብ። ደስ አይልም፤ ግን አይገድልም፤ ድርጅቱ አድጎለታልና።

አሁን ወደ አራተኛው አንቀጽ እንምጣ። ዋጋውን ገዢው ነው የሚወስነው። ገዢው 230ውን 200 ቢያደርገውስ? ትርፉ በኪሎ 20 ብር ይሆናል። 80 ሺህ ኪሎ በ20 ብር 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ነው። የሱ ድርሻ 784 ሺህ ብር። እጥፍ ሠርቶ ከዛሬው ከግማሽ ያነሰ! የቀረው 30 ብር የት ሄደ? አልጠፋም። ከነጌሌው ድርጅት ወጥቶ ባለሀብቱ ብቻውን ወደያዘው የላኪ ድርጅት ገብቷል። እዚያ ደግሞ የአክስቴ ልጅ አንድ ከመቶም የለውም።

ይህን ሳሳየው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ታዲያ 51ዱን 30 ቢያደርገው አይረባኝም ማለት ነው?» አለ። ልክ ነው። ድርሻውን እየተከራከርክ፣ አሸነፍኩ ብለህ ስትፈርም፣ ገንዘቡ በሌላ በር ይወጣል። በኋላ የንግድ ጠበቃ ለሆነች አንዲት ወዳጄ ሳጫውታት «ባለሀብት ደንበኛም ሲሆን መጀመሪያ የሚነበበው የዋጋው አንቀጽ ነው» አለችኝ።

ለፍትሕ ያህል፣ ሰውየው ዘራፊ ነው እያልኩ አይደለም። ከሱ ወንበር ላይ ብቀመጥ እኔም እንደዚያው እጽፍ ይሆናል። ላኪ ነው፤ የሚያስጨንቀው ገንዘብ ሰጥቶ ዕጣኑ ለሌላ እንዳይሸጥበት ነው። ዋጋውን 200 እንደሚያደርገውም አልተናገረም። ሆኖም ውል የሚጻፈው ሰው እንደዛሬው ደግ ሆኖ ለሚቀጥልበት ቀን አይደለም።

ስለዚህ መልሱ እምቢ ነው። እዚህ ላይ ነው ዋናው ችግር የጀመረው። የሊበን ቆላ ዕጣን የሚገዙ ላኪዎች ብዙ አይደሉም። ነገ ቅናሽ ያለው ሐሳብ ይዞ ሊመጣ የሚችለው ይኸው ሰው ነው። በሩን ዘግተህ አትወጣም።

ያን ዕለት ማታ የአክስቴ ልጅ አንድ የሚያከብራቸው የቦረና ሽማግሌ ዘንድ ወሰደኝ። ቡና ቀርቦ ነበር፤ ፍሬው ከነቆዳው በቅቤ የተቆላ፣ እነሱ ቡና ቀላ የሚሉት። ጉዳዩን በኦሮምኛ ነገራቸው። ሽማግሌው ደባሬን አነሡ። ደባሬ በቦረና ያለው ላም ለሌለው የሚታለብ ላም የሚያውስበት ሥርዓት ነው። ተበዳሪው ወተቱን ይጠጣል፤ ላሟና የምትወልደው ጥጃ ግን የባለቤቷ ናቸው።

«ላሟን ሲሰጡህ ጥጃው የማን እንደሆነ ታውቃለህ፤ ስለዚህ ጠብ የለም» አሉ። «ይሄ ሰውዬ ላሙን ሰጥቶህ ወተቱንም ጥጃውንም የሚለካው እሱ ነው። ላሟን እምቢ በል። ግን ሄደህ በል። ላሟን እምቢ ያለ ሰው ቡናውን እምቢ አላለም።»

እኔ ይህን በልቤ ያዝኩት። ከዚያ በኋላ ያደረግነው ሁሉ የዚህች አረፍተ ነገር ዝርዝር ነው።

የመጀመሪያው ነገር ቀብድ ነበር። ሊተኛ ሲል የአክስቴ ልጅ ትዝ ያለው መስሎ «ለነገሩ ሁለት መቶ ሺህ ልኮልኛል» አለኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። በግል ሒሳቡ ገብቷል፤ በምክንያቱ ቦታ «ለውል መጀመሪያ» ተብሎ ተጽፎበታል። ቀዝቃዛ ላብ አላበኝ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካላከበረ ደግሞ የተቀበለውን አጠፌታ ይመልሳል። ይህ ገንዘብ ቀብድ ነው አይደለም የሚለውን ጠበቆች ሊከራከሩበት ይችላሉ፤ ክርክሩ ውስጥ ለመግባት ግን ምንም ምክንያት የለንም። እጁ ላይ የሰው ገንዘብ ይዞ «ውሉን አልቀበልም» ማለት ደግሞ ሕግ ባይኖርም ነውር ነው። በማግሥቱ ባንክ ሄደን ወደ መጣበት ሒሳብ መለስነው። በምክንያቱ ቦታ «ውል ስላልተፈረመ የተመለሰ» ብለን አስጻፍን፤ ደረሰኙን ፎቶ አነሣን።

ሁለተኛው ነገር ዝምታ ነው። የእኛ አገር ሰው ሲጨንቀው እምቢ አይልም፤ ይጠፋል። «እናያለን»፣ «ከበዓል በኋላ»፣ ከዚያ ስልክ አይነሣም። የአክስቴ ልጅም ሲሙን ሊያወጣ የነበረው ይህንኑ ሊያደርግ ነው። ጨዋነት ይመስለናል። ገንዘቡን ለዚህ ጉዳይ ብሎ ያስቀመጠ ሰው ግን በዝምታው ይጎዳል፤ ያንን ወቅት ሌላ ቦታ ሊያውለው ይችል ነበርና። በኋላ የሚያስታውሰው እምቢታውን አይደለም፤ ያስጠበቅከውን ነው። ዝምታ በሕግም ሁልጊዜ እምቢታ ተደርጎ አይቆጠርም። በመሠረቱ ዝም ማለት መቀበል አይደለም። ነገር ግን ቀድሞ የንግድ ግንኙነት ባላቸው ሰዎች መካከል፣ የቀረበው ሐሳብ የዚያው ግንኙነት ቀጣይ ከሆነ፣ ወረቀቱም በተገቢ ጊዜ ካልተቃወምክ እንደተቀበልክ ይቆጠራል የሚል ከሆነ፣ ዝምታ ሊያስር ይችላል። የኛ ሰውዬ ሦስት ዓመት ደንበኛ ነው። ስለዚህ መጥፋት አያዋጣም።

ሦስተኛው፣ «እምቢ» እንበል ወይስ «እንዲህ ካደረግከው እሺ»? እኔ መጀመሪያ ሁለተኛውን ነበር የወደድኩት፤ ለስለስ ይላል። ወዳጄ ጠበቃዋ አስጠነቀቀችኝ። የቀረበልህን ሐሳብ ቀይረህ ብትመልስ በሕጉ የመጀመሪያውን ውድቅ አድርገህ አዲስ ሐሳብ አቀረብክ ማለት ነው። እሱ በማግሥቱ «ተስማምቻለሁ» ቢል ታስረሃል። ስለዚህ አማራጭ ሐሳብ የሚላከው ነገውኑ ልትፈርምበት የምትችለው ከሆነ ብቻ ነው። የአክስቴ ልጅ የዋጋው አንቀጽ ቢወጣለትም በዚህ ወቅት 51 ከመቶ ለመስጠት ዝግጁ አልነበረም። ስለዚህ አማራጭ አላቀረብንም። እምቢታውን ንጹሕ አድርገን፣ ወደፊት ምን ቢሆን መነጋገር እንደሚቻል ግን እንደ መረጃ ተናገርን። ልዩነቱ ቀጭን ይመስላል፤ ግን አንዱ የሚያስር ነው፣ ሌላው አይደለም።

አራተኛው፣ ማን ይናገር? እኔ ልደውል ብዬ ነበር፤ አፌ ይፈታል። የአክስቴ ልጅ እምቢ አለ፤ ልክም ነበር። ግንኙነቱ የሱ ነው። አማላጅ ስትልክ ሰውየው ከአማላጁ ጋር ነው የሚታረቀው። ስለዚህ መጀመሪያ እሱ ራሱ ደወለ፣ ወረቀቱ ከስልኩ በኋላ ሄደ። የጽሑፍ እምቢታ ሳይነገረው በቴሌግራም የደረሰው ሰው እንደተናቀ ይቆጥራል።

ስልኩን ሲያወራ አጠገቡ ነበርኩ። ጆንያ ላይ ቆሞ ነበር፤ ኔትወርኩ እዚያ ስለሚሻል። «ጋሼ፣ አስቤበታለሁ፤ በዚህ ውል አልገባም» አለ። በመጀመሪያው አረፍተ ነገር ውስጥ። ከዚያ በፊት ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጤና አምስት ደቂቃ እንደሚያወራ ፈርቼ ነበር። ሰላምታው ቀደመ፣ ግን አልረዘመም።

ጋሼ ምን እንዳለ አልሰማሁም። የአክስቴ ልጅ ግን «አይ ድርሻው አይደለም። ዋጋው ነው። ገዢውም ወሳኙም እርስዎ ሲሆኑ እኔ ሒሳቤን መሥራት አልችልም» ሲል ሰማሁት። አንድ ምክንያት ብቻ ሰጠ፤ እውነተኛውን። አምስት ምክንያት የሚደረድር ሰው ሰበብ እየፈለገ ይመስላል፤ አድማጩም ከአምስቱ ደካማውን አንሥቶ ይከራከረዋል። «ቤተሰብ አልተስማማም» ብለህ ብትዋሽ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት ሐሳብ ዋጋውን ሳያስተካክል ለቤተሰብህ ስጦታ ይዞ ይመጣል።

በማታው የላክነው ደብዳቤ ይህ ነበር፤ ስሞቹን ብቻ አውጥቻለሁ፦

«ጋሼ፣ ዛሬ በስልክ እንደነገርኩዎት በጥቅምት ወር የላኩልኝን የሽርክና ሐሳብ አልተቀበልኩትም። ምክንያቴ የምርቱ ዋጋ በገዢው ብቻ መወሰኑ ነው። የላኩት 200 ሺህ ብር በባንክ ተመልሷል፤ ደረሰኙ ከዚህ ጋር አለ። የሰጡኝን ወረቀት ለሌላ ሰው አላሳይም። ዘንድሮ በራሴ አቅም እሠራለሁ፤ እንደ ወትሮው ለመግዛት ከፈለጉ በዕለቱ ገበያ ዋጋ እሸጥልዎታለሁ። ለቀማው ሲያበቃ፣ በሚያዝያ ውስጥ፣ ስንት ገዝቼ ስንት እንደሸጥኩ ጽፌ እልክልዎታለሁ። ዋጋው ከመርካቶ ገበያ ጋር የሚታሰርበት መንገድ ካለ ያን ጊዜ ቁጭ ብለን ብንነጋገር ደስ ይለኛል። ይህ ደብዳቤ አዲስ የውል ሐሳብ አይደለም።»

ይኸው ነው። «ወደፊት በጋራ እንደምንሠራ ተስፋ አደርጋለሁ» የሚል አልጻፍንም፤ ሁሉም ይጽፈዋል፣ ማንም አያምነውም። በዚያ ፋንታ ቀን ያለው ነገር አስቀመጥን፤ ሚያዝያ። በር ክፍት ነው ማለት የሚመለሱበት ቀን ሲኖር ነው።

አሁን የዚህን መንገድ ዋጋ ልንገራችሁ፤ ነጻ አልነበረምና። ቦና ሲገባ የአክስቴ ልጅ እንደተለመደው የራሱን ገንዘብ ይዞ ወጣ። ጥር አጋማሽ ላይ ገንዘቡ መጋዘን ውስጥ ዕጣን ሆኖ ሳለ፣ ጥሬ ገንዘብ የያዘ ሌላ ነጋዴ ሁለት ቀበሌ ገብቶ ለቃሚዎቹን ወሰደበት። አርባ ሺህ ኪሎ ሊሸጥ አስቦ 37 ሺህ ሸጠ። ያን ሰሞን ሲደውልልኝ «አራት ሚሊዮኑ ቢኖር» ይለኝ ነበር። እኔም በሌሊት ያንኑ ሒሳብ እየደጋገምኩ አስላው ነበር፤ አሳስቼው እንደሆነስ?

ይህን ፍርሃት በትልቁም አይተነዋል። የቴሌኮም ፈቃዱን ጨረታ ታስታውሳላችሁ። በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ መንግሥት ለሁለት ፈቃድ ሁለት ተጫራቾች ቀረቡለት። በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር፣ ኤምቲኤን ደግሞ 600 ሚሊዮን ዶላር አቀረቡ። በግንቦት መንግሥት የመጀመሪያውን ተቀበለ፤ ሁለተኛውን በዋጋው ምክንያት አልተቀበለም፣ ፈቃዱ ግን እንደገና ለጨረታ እንደሚቀርብ ተናገረ። እምቢታው ሥርዓት ነበረው፤ ምክንያቱ አንድ ነበር፣ በሩም ተዘግቷል አልተባለም። ከዚያም የጎደለውን ለማሟላት ተሞከረ፤ መጀመሪያ ለውጭ ኩባንያ ያልተፈቀደው የሞባይል ገንዘብ በኋላ ተፈቀደ። ነገር ግን ጊዜው ጦርነት ነበር። ጨረታው ተላለፈ፤ በ2015 መጨረሻ እንደገና ተነሣ። ሳፋሪኮም ሥራ ጀምሮ ኤም-ፔሳንም ሲከፍት ሁለተኛው ፈቃድ ያለ ባለቤት ቆየ።

ያኔ እምቢ መባሉ ስሕተት ነበር እያልኩ አይደለም፤ ሁለት ተመሳሳይ ፈቃድ በሩብ ቢሊዮን ዶላር ልዩነት መሸጥ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። የማነሣው በሩን ክፍት ማድረግ እንግዳው እንዲመለስ አያስገድድም ለማለት ነው። ስለዚህ እምቢ ከማለትህ በፊት ያለው ጥያቄ «ይመለስ ይሆን?» አይደለም። «ባይመለስ ዘንድሮን እዘልቃለሁ?» ነው። የአክስቴ ልጅ ሒሳቡ ይህን ይመልስ ነበር፤ ያነሰ ቢሸጥም ሱቁ አይዘጋም። ደመወዝ የማይከፍልበት ደረጃ ላይ ቢሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ በሆነ ነበር፤ መጥፎ ውል ይዞ መደራደር ከባዶ እጅ ይሻላልና።

ሚያዝያ ሲመጣ ሪፖርቱን እኔው ጻፍኩለት። ግማሽ ገጽ ነው። 41 ሺህ ኪሎ ተገዛ፤ ተለቅሞ 37 ሺህ ኪሎ ተሸጠ። ሁለት ቀበሌ በገንዘብ እጥረት አመለጠ። ያመለጠውንም ጻፍን። የአክስቴ ልጅ «ይህን ካየ አንበረከክኩት ይላል» ብሎ ተከራክሮኝ ነበር። እኔ ደግሞ ጋሼ በገበያው ውስጥ ያለ ሰው ነው፣ ከኛ ቀድሞ ሰምቶታል አልኩት። የሚያውቀውን ብትደብቀው ሌላውንም አያምንህም። አንድ ነገር ብቻ አላካተትንም፤ የለቃሚዎቹን መንደሮችና የሰብሳቢዎቹን ስም። ገንዘብ ያላስገባ ሰው ቁጥር ይበቃዋል። ስሞቹን ይዞ ነገ ለሌላ ነጋዴ ገንዘብ ቢሰጥ ሥራህን አሳልፈህ ሰጥተሃል ማለት ነው።

አምስት ሳምንት መልስ አልመጣም። ከዚያ አንድ መልእክት ገባ፤ ሰላምታ የለውም፣ «በጣም ደስ ይላል፣ በርታ» አይልም። «ከመቶ አሥር የሚጠጋ ለምን ወጣ? አሸዋ ነው እርጥበት?» ይላል።

የአክስቴ ልጅ ተናደደ። እኔ ደስ አለኝ። በር መዘጋቱን የምታውቀው «በርታ» ስትባል ነው። ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው አሁንም እያሰላ ነው።

በመስከረም ጋሼ ራሱ ደወለ። ሽርክና አላነሣም። መቶ ኩንታል አስቀድሞ ሊገዛ፣ ግማሹን ገንዘብ ቦና ሳይገባ ሊከፍል፣ ዋጋው ደግሞ ዕቃው በሚገባበት ቀን በመርካቶ ገበያ እንዲሆን ጠየቀ። በአምናው ዋጋ ብናሰላው ወደ 1 ሚሊዮን 150 ሺህ ብር በእጅ ይገባል ማለት ነው። ከአራት ሚሊዮኑ አንድ ሦስተኛ አይሞላም። ያመለጡትን ሁለት ቀበሌዎች ለመመለስ ግን ይበቃል፤ ድርሻም አይነካም። ይህኛው ወረቀት አንድ ገጽ ነው። አንብቤዋለሁ፤ ዕቃው በወቅቱ ባይደርስ ምን እንደሚሆን የሚለው አንቀጽ ይጎድለዋል፤ እሱን እየጻፍን ነው።

ሽርክናው ይመጣ ይሆን? አይታወቅም። የአክስቴ ልጅ ግን ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ መጥቶ ጋሼ ቤት ቡና ጠጥቶ ሄደ። ሲሙም አልተቀየረም።

ቸር እንሰንብት።